ጥቅማጥቅሙን ለማየት የሄዱ ሁለት ሴቶች

ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ሚሊሜትር» ነው የሚሏት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ፓተርን ታወጣለች፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የእጅጌውን፣ የአንገቱን፣ የኪሱን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስላ የምታዘጋጀው እሷ ናት። አንድ ቀን ቆራጮቹ «አንድ ሚሊ ብታመልጥ ምን ይመጣል?» ቢሏት፣ «አንድ ሚሊ እኮ የሰው አንገት ታንቃለች» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጽል ስሙ ተለጠፈባት፤ እሷም አልጠላችውም።

ደረቅ ሴት አይደለችም። ትስቃለች፣ ታስቃለች፣ ሲከፋት ደግሞ ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ታጣምማለች። በዚያ በምነግራችሁ ሳምንት ግን ከንፈሯ ወደ ቦታው የተመለሰበትን ሰዓት አላስታውስም።

የምትሠራበት ፋብሪካ ሊዘጋ ነበር። ባለቤቱ ማሽኖቹን ሸጦ ወደ ሌላ ንግድ ሊዞር ወስኗል። ወሬው እንደተሰማ ሁለት ቦታ ፈለጋት፤ ጥሩ ፓተርን አውጪ እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ቶሎ አይገኝም። አንዱ ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ ፋብሪካ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ እዚያ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው የሆቴልና የጥበቃ ሠራተኞችን የደንብ ልብስ የሚሰፋ መለስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ባለቤቱን ሠራተኞቹ «ጥሬው» ይሉታል። ማንም ስለማንኛውም ነገር ሲጠይቀው «እኔ የምሰጠው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ሌላ የለኝም» ስለሚል ነው።

ሁለቱም የሚከፍሉትን በጽሑፍ ሰጧት። የጥሬው መሠረታዊ ደመወዝ ከትልቁ ፋብሪካ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ትልቁ ፋብሪካ ደግሞ ደመወዙ አነስ ይላል እንጂ ጥቅማጥቅሙ ለጉድ ነው፦ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ፣ ምሳ፣ የቤት አበል፣ ለእሷና ለቤተሰቧ ሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግቢው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ።

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ቤቱን ያመሰችው። ሚሊሜትር ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷን የምትይዝላት አማቷ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል። እማማ ግን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ሐኪሙ «ልጅ ማንሳት ይቅርብዎ» ብሏቸዋል። እሳቸው «ሐኪም ምን ያውቃል» እያሉ ያነሳሉ፤ ካነሱ በኋላ ደግሞ ግድግዳውን ይዘው ሲያቃስቱ ይሰማል። ስለዚህ ከሥራው ጋር የልጅቷም ነገር መወሰን ነበረበት።

አርብ ማታ ወንድሟ መጣ። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የዚያን ዕለት እጁን ታጥቦ ገና መቀመጡ ነበር። ወንድሟ የትልቁን ፋብሪካ ወረቀት ተቀብሎ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና ማንበብ ጀመረ። እያንዳንዱን አበል ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ ፊታቸውን ያያል።

«አየሽ፣» አላት፣ «ደመወዝ ማለት ገብቶ የሚወጣ ነገር ነው። ጥቅማጥቅም ነው የሰው ኑሮ። ይሄን ሁሉ በኪስሽ ልግዛ ብትዪ የዚያ ሰውዬ ጭማሪ ይበቃሻል?»

«ጋሼ፣ እስቲ ቀስ በል፣ እያሰብኩ ነው።»

«ምኑን ታስቢያለሽ? የልጅ ማቆያ ብቻውን ስንት ያወጣል!»

ባሏ ራሱን ነቀነቀ። ክርክር የማይወድ ሰው ነው፤ ከሁለት ቱቦ የቱ እንደሚያፈስ ለማወቅ ግማሽ ቀን ሊቆም ይችላል፣ ሰው ሲከራከር ግን ቶሎ ይስማማል። «እውነቱን ነው መሰለኝ፣» አለ። «እናቴም ትንሽ ታርፋለች።»

እማማ ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ይሄን ማቆያ የምትሉትን ያየው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ወንድሟ ሳቀ። «እማማ፣ እኔ እኮ እዚያው ነው የምሠራው።»

«እሱን አውቃለሁ። አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ትልቅ ፋብሪካ ነው እማማ። የውጭ ገዢዎች እየመጡ ይጎበኙታል።»

እማማ መልሱን እንደ መረረ ነገር አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ወንድሟ ከሄደ በኋላ ግን ምራታቸውን፣ «አይቼዋለሁ አላለም፣ ሰምተሻል?» አሏት።

ሚሊሜትር ሰምታለች። ከንፈሯ ያን ጊዜ ነው መጣመም የጀመረው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ለማንም ሳይነግሩ ተነሥተው ሄዱ። ልጅቷን ለጎረቤት ሰጡ። የማመላለሻ አውቶቡሱ የሚያልፍበት ቦታ ቆመው ጠበቁትና፣ ሾፌሩን ለምነው ከሠራተኞቹ ጋር ተሳፈሩ። እንደ ጥቅም የተቆጠረውን ነገር ከመነሻው ለማየት ነበር የሚሊሜትር ሐሳብ። ወንበሮቹ ስፖንጃቸው አልቆ ብረታቸው ወጥቷል። የሚቀመጥበት ያጣው ይበልጣል። አንዲት ሴት እየቆመች እንቅልፍ ወስዷት በሚሊሜትር ትከሻ ላይ ወደቀች፤ ስትነቃ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችም፣ የለመደችው ነው።

ፋብሪካው ሲደርሱ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በሳቅ ተቀበለቻቸው። ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ሽቶዋ ቀድሞ የሚመጣ፣ አፏ ማር የሆነች ሴት ናት። «ለመፈረም ነው አይደል?» አለች።

«ከመፈረሜ በፊት ማቆያውን ባየው ብዬ ነበር፣» አለች ሚሊሜትር።

ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። «ዛሬ ትንሽ አይመችም። ጉብኝት በቀጠሮ ነው።»

እማማ ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ። እውነት ይሁን ብልሃት እስካሁን አይታወቅም። «ልጄ፣ እኔ ሌላ ቀን መምጣት አልችልም። እግሬን ታይዋለሽ።»

ኃላፊዋ የግድግዳ ሰዓቷን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ «እሺ፣ ለደቂቃ ያህል» ብላ ወሰደቻቸው። ግቢውን አቋርጠው፣ የማቅለሚያ በርሜሎች የተደረደሩበትን ጓሮ አልፈው አንድ የቆርቆሮ በር ጋ ደረሱ። በሩ ላይ ፀሐይና አበባ ተስሏል። ተከፈተ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የሽንት፣ የኮመጠጠ ወተትና የማቅለሚያ ኬሚካል ሽታ፣ ሦስቱ ተጋብተው አንድ ነገር ሆነዋል። ሚሊሜትር ሳታስበው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክፍሉ ድሮ የኬሚካል መጋዘን እንደነበር ግድግዳው ላይ ያሉት ሰማያዊና ቢጫ ፍንጣቂዎች ይናገራሉ። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም በካርቶን ተደፍናለች። መሬት ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ከአሥር የሚበልጡ ሕፃናት ተጋድመዋል። አንዲት ቀጭን ሴት በአንድ እራፊ ጨርቅ የአንዱን ልጅ አፍንጫ ጠረገች፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ የፈሰሰ ወተት ከመሬት አበሰች፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ የጡጦ ጫፍ ጠረገችና ለሌላው ልጅ ሰጠች። የጡጦው አንገት ላይ አረንጓዴ ነገር ዙሪያውን በቅሏል። የአንዱ ልጅ ዐይን ላይ ዝንብ ሰፍሯል፤ ልጁ አያባርረውም።

እማማ ግን ሽታውንም ዝንቡንም አልነበረም የሚያዩት። ቆመው ያዳምጣሉ።

«ልጅ እንዴት ዝም ይላል?» አሉ።

እውነት ነበር። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የሚያለቅስ የለም፣ የሚሳብ የለም። አንዷ ሕፃን ዐይኗ ግማሹ ተከፍቶ ጣሪያውን ታያለች።

«እንቅልፍ ሰዓታቸው ነው፣» አለች ኃላፊዋ ቶሎ ብላ።

«በጠዋቱ? አሁን እኮ ነው የመጡት።» እማማ ወደ ሞግዚቷ ዞሩ። «ምን እየሰጠሻቸው ነው፣ ልጄ?»

ሞግዚቷ ኃላፊዋን አየች። ከዚያ፣ የሚመጣው ይምጣ ያለች ይመስላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ በአገጯ አመለከተች። እንቅልፍ የሚያመጣ የሳል ሽሮፕ ነው። «ከክሊኒኩ ነው የሚሰጡኝ። ሲነቁ ሁሉም አንድ ላይ ይነቃሉ። እኔ አንድ ነኝ፣ እማማ። ስንቱን ልሸከም?»

ሚሊሜትር ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። በርሜሎቹ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጠዋት የጠጣችውን ሻይ ሁሉ አወጣችው። እማማ ጀርባዋን እየደበደቡ፣ «አውጪው፣ አውጪው፣ ይሄ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም» ይሏታል። ኃላፊዋ ትንሽ ራቅ ብላ ጫማዋ እንዳይነካ እግሯን ሰበሰበች።

ቢሮ ሲመለሱ ኃላፊዋ ውሃ አመጣችላት። «አሁን እድሳት ላይ ስለሆነ ነው፣» አለች። «ገዢዎች ሲመጡ ብታዪው ሌላ ነው።»

«የእርስዎ ልጅ እዚህ ነው የሚውለው?» አለቻት ሚሊሜትር።

ኃላፊዋ ወረቀቶቿን ማስተካከል ያዘች። ሚሊሜትር አፏን በውሃው አጉመጠመጠችና ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር፤ ሆኖም እዚህ ከመጣሁ አይቀር ሁሉንም ልወቀው አለች። ስለዚህ ጠየቀች፣ ኃላፊዋም ከእፍረትም ከድካምም የተነሣ በእውነት መለሰች።

ማቆያውን ካልተጠቀምኩበት ዋጋው ደመወዜ ላይ ይጨመራል?

«አይጨመርም። ጥቅማጥቅም በገንዘብ አይቀየርም።»

ሕክምናው ከመቼ ጀምሮ ነው?

«የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ። በዓመት ጣሪያ አለው። ደግሞ የእኛ ክሊኒክ ሲልክሽ ብቻ ነው፤ በራስሽ ሄደሽ ከታከምሽ አይተካም።»

ቤተሰብ የሚለው አማቴን ይጨምራል?

«ባልና ልጅ ነው። አማት አይገባም።»

የቤት አበሉስ? ጡረታ ሲቆጠር፣ የትርፍ ሰዓት ሲሰላ፣ ከሥራ ብሰናበት ካሳ ሲታሰብ ይገባል?

«እነዚህ ሁሉ የሚሰሉት በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ዓመታዊ ጭማሪም እንደዚያው። አበሉ እንግዲህ…» እዚህ ላይ ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ «ድርጅቱ ሲፈቅድ የሚሰጥ ነው። አምና አንድ ክፍል ላይ ተነሥቷል።»

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፣» አሉ እማማ።

ኃላፊዋ የሆነ ነገር ማለት እንዳለባት ተሰማት መሰለኝ፣ ለስለስ ብላ፣ «ወንድምሽ ግን ያዝናል። አመጣታለሁ ብሎ ማበረታቻውን ጠይቆ ነበር፤ አንቺ ስትፈርሚ ነበር የሚከፈለው» አለች። ሠራተኛ ላመጣ ሰው የሚሰጥ ሽልማት እንዳለ ሚሊሜትር የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

ወንድሟን ግምጃ ቤቱ በር ላይ አገኙት። እማማን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ያን ክፍል ታውቀዋለህ?» አለችው።

«የትኛውን?»

«ጋሼ።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ሁሉም ቦታ እኮ እንደዚሁ ነው። ልጅሽን ለጊዜው ሌላ ቦታ ታስቀምጫለሽ፣ ሥራውን ትይዣለሽ፣ ከዚያ…»

«ሽሮፑንስ ታውቃለህ? ክሊኒኩ የሚቀበለው ከአንተ መጋዘን ነው አይደል?»

አላወቅኩም አላለም። «እኔ የምሰጠው በወረቀት የመጣውን ነው» አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ። ያቺ ሽልማት ምን ታህላለች? ለአንቺው ስጦታ ልገዛበት ነበር።»

እህትና ወንድም ሲጣሉ የሚጮኹ ነበር የመሰላት። እሷ ግን መጮህ አቃታት። የገዛ እህቱን ልጅ እዚያ ፕላስቲክ ላይ ሊያጋድማት ነበር። ያቺ ልጅ በተወለደችበት ቀን ከእናቷ ቀድሞ ያቀፋት እሱ ነው። «ሂድ ጋሼ፣» አለችው፣ «ሥራህን ሥራ።» እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በአጠገቡ አለፉ። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እማማን ቤት አድርሳ ወደ ጥሬው ሄደች። እልህ ይዟት ነበር፣ እዚያው ፈርሜ ልገላገል ብላ ነው የሄደችው። መንገድ ላይ ግን ቀዝቀዝ አለች። ትልቁ ፋብሪካ ቆሻሻ ስለሆነ ይሄኛው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ጥሬው ወፍራም፣ ወንበሩን የሞላ፣ ሲያወራ ሰው የማያይ ሰውዬ ነው። «ደመወዙን አይተሻል፣» አላት። «ልጅሽ ታመመች፣ ቤት ኪራይ ተጨመረ፣ አውቶቡስ ጠፋ፣ እኔ ጋ አትምጪ። የሰው ጣጣ አልወድም። ገንዘቤን እሰጣለሁ፣ ሥራዬን እቀበላለሁ።»

ጸያፍ ንግግር ነው። ግን ከማለዳው ማር አፍ በኋላ ቢያንስ የሚሸት ነገር አልደበቀም ስትል አሰበች። እንደ ለመደችው መለካት ጀመረች።

«ይሄ ቁጥር መሠረታዊ ደመወዝ ነው ወይስ ሁሉ ነገር ያለበት?»

«መሠረታዊ ነው።»

«የትርፍ ሰዓት ውስጡ አለ?»

«የለም፣ ለብቻው ይሰላል።»

«ጡረታስ? የእኔ ድርሻ ከደመወዜ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። የአሠሪው ድርሻ ከላይ የሚጨመር ነው አይደል?»

ጥሬው ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ከውስጡ ነው።»

«እንዴት ከውስጡ?»

«እንግዲህ እኔ የምከፍለው ይሄንን ነው። የእኔም ያንቺም ድርሻ ከእሱ ይወጣል።»

«የእርስዎን ድርሻ እኔ እየከፈልኩ ነዋ። እንዲህ ከሆነ መሠረታዊ ደመወዝ የሚሉት ቁጥር እውነት አይደለም። ሕጉም አይፈቅድም።»

ሰውዬው ሳቀ። የሳቀው ሆዱ ነው፣ ፊቱ አልሳቀም። ሒሳብ ሠራተኛውን ጠርቶ፣ «የዚችኛዋን ከላይ አድርገው» አለው። ሒሳብ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «እንደ ሌሎቹ አይሆንም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አልሰማህም? የዚችኛዋን ብቻ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «የጠየቀ ያገኛል። ሌላው አልጠየቀም፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ጥርሱን በክብሪት እንጨት መጎርጎር ጀመረ።

በመስኮቱ የስፌት አዳራሹ ይታያል። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ። ሁሉም በየወሩ የእሱን ድርሻ ከኪሳቸው እየከፈሉለት ነው፤ እሱ ደግሞ ይሄንን እንደ ቀልድ ነው የሚነግራት። «የተባባልነው ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» ብላ ወጣች።

ማታ ባሏ የሆነውን ሲሰማ፣ «ሁለቱም ጋ ባትሄጂስ?» አላት።

«ምን እንበላለን?»

«እኔ…» አለና ተወው። ቧንቧ ሥራ አንድ ሳምንት ይጎርፋል፣ አንድ ሳምንት ጠብ አይልም። ያንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ሦስቱም ቁጭ ብለው አሰሉ። የአሁኑ ስሌት ወንድሟ ከሠራው የተለየ ነበር። ወንድሟ በወረቀት ላይ ያለውን ጥቅም ሁሉ ገበያ ላይ በሚሸጥበት ዋጋ ነበር የደመረው። ሚሊሜትር ግን «በእውነት ከምጠቀምበት ስንቱ ይቀራል?» ብላ ነው የጀመረችው። ማቆያው ዜሮ ነው። አማቷ ሕክምናው ውስጥ የሉም። የቤት አበሉ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አውቶቡሱና ምሳው ብቻ ቀሩ፤ እነሱ ደግሞ ዋጋቸው ይታወቃል። በሌላው በኩል ጥሬው ላይ ያለውን ብልጫ በሙሉ አልቆጠረችም፤ ግብርና የጡረታ ድርሻዋ ከተቆረጠ በኋላ እጇ ላይ የሚገባውን ብቻ ያዘች። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ተቀነሰ። ሰው ቀጥሮ ልጅ ማስያዝ ተቀነሰ። ለሕመም ቀን የሚቀመጥ ተቀነሰ። የተረፈው ብዙ አይደለም፣ ግን ተረፈ።

«ትንሽ ናት፣» አለ ባሏ።

«ትንሽ ናት። ግን መሠረታዊ ደመወዝ ስለሆነች ጭማሪው በእሷ ላይ ነው የሚመጣው፣ ጡረታዬም በእሷ ላይ ነው የሚቆጠረው። ደግሞ ማንም ተነሥቶ አነሣኋት አይለኝም።»

እማማ ያን ጊዜ ነው ሐሳባቸውን የተናገሩት። «ልጅቷን እኔ እይዛለሁ።»

«እማማ፣ ጉልበትዎ!»

«አላነሳም። ልጅ የምታነሳ ሴት ትቀጥሩልኛላችሁ፣ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እሷ ታነሳለች፣ እኔ ዐይኔን አልነቅልም። ከዛሬ በኋላ ያለ እኔ ዐይን ይቺን ልጅ ለማንም አልሰጥም።»

በማግስቱ ውሉን ቃል በቃል አንብባ ፈረመች። ደስ ብሏት አልነበረም። እጁን ስትጨብጥ የጥሬው መዳፍ እርጥብ ነበር፤ ወጥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ያቺን የቆርቆሮ በር ግን ዝም ብላ አላለፈቻትም። ከመፈረሟ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዳ አቤቱታ ጽፋለች፤ እማማም በጣታቸው ፈርመዋል። ከዚያ አመሻሽ ላይ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ልጆቻቸውን አዝለው የሚወጡትን እናቶች እያስቆመች ስለ ሽሮፑ ነገረቻቸው። አንዷ ጮኸች። አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዷ ግን ተኝታ የማትነቃ ልጇን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች፣ «አውቃለሁ። የት ላድርጋት? ንገሪኛ» አለቻት። ሚሊሜትርን ከሰማችው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጎረብጣት ያ ነው።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፤ ቀን አስነግረው ነው የመጡት። ሽሮፑ ቀረ፣ ሁለተኛ ሞግዚት ተቀጠረች፣ መስኮቱም ተከፈተ። ይሄንን የነገራት ወንድሟ ነው። ከወራት በኋላ ወደ ቤቷ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነገራት፤ ግባ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም። «አንቺ ነሽ ያደረግሽው ይላሉ፣» አላት፣ «እኔንም በጎሪጥ ያዩኛል።» ሊታዘንለት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን «የማቅለሚያ በርሜሎቹስ ተነሡ?» ብላ ጠየቀችው። አልተነሡም። ሻይ ሰጠችውና ጠጥቶ ሄደ። ይነጋገራሉ፣ ልጅቷን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ግን ሚሊሜትር አሁንም ሥራ ታበዛለች፤ «ቆይ፣ ላጥባት ነው» ትላለች።

ጥሬው ጋ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እዚያ በሥራ ገና ሁለተኛ ወሯ ሳለ አንዲት ሰፊ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ፣ «ከሁለት ቦታ ጡረታ የሚቆረጥብኝ ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሚሊሜትር ዝም ማለት ትችል ነበር፤ የእሷ ተስተካክሏል። ይልቅ የራሷን ወረቀት አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ሁለቱን ወረቀት እያየች ፊቷ ቀላ። በምሳ ሰዓት አዳራሹ ሁሉ አወቀ። ከሰዓት በኋላ አንድም ማሽን ሥራ አልጀመረም።

ጥሬው ከቢሮው ወጥቶ፣ «ማን ነው?» አለ።

ያቺ የጠየቀችው ሰፊ ብድግ ብላ፣ «የጠየቀ ያገኛል ብለዋል አሉ። ይኸው ጠየቅን» አለች።

ሰውዬው የደንብ ልብስ ለማስረከብ ቀጠሮ ነበረው፣ ደንበኛው ትልቅ ሆቴል ነው። አዳራሹን ዞሮ አየ። ስንቱን ያባርር? ከዚያ ወር ጀምሮ የአሠሪው ድርሻ ከላይ ሆነ። ያለፈው ግን አልተመለሰም፤ ሊመልስም አላሰበም፣ አሁንም የሠራተኛ ጉዳይ ጋ እየተከራከሩበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚሊሜትርን ሰላም አይላትም። በኮሪደሩ ሲተላለፉ ወደ ግድግዳ ያያል። ሥራዋን ስለሚፈልገው አያባርራትም፣ እሷም ደመወዙን ስለምትፈልገው አትለቅም። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ሄጄ፣ «እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ማየት አያስጠላሽም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ያስጠላኛል፣» አለችኝ። «በየቀኑ ያስጠላኛል። እንጀራዬን የምበላው ግን በፊቱ አይደለም።» ከዚያ መቀሷን አንሥታ ካርቶኑን በመስመሩ ላይ ቀስ ብላ መቁረጥ ጀመረች፤ የኮት አንገት ነበር፣ ለክረምት የታዘዘ።